ቤት ገዝቶ መግባትና ቤቱን በስም ማዞር ይለያያል፦ ካርታ ምን እንደሚያረጋግጥና ስም ዝውውሩ እንዴት እንደሚያልቅ

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ነው የምሰራው፣ እና በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አንድ ሰው ወይ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል ወይ ይደውላል፣ ጥያቄው ሁሌም ያው ነው። "ቤቱን ገዝቻለሁ፣ ብሩን ጨርሻለሁ፣ ኦርጅናል ካርታውም እኔ ጋ ነው፣ ገብቼ እየኖርኩበት ነው፣ ስም ማዞሩን ግን ወጪ ስላለው አቆየሁት፣ ችግር አለው?" አዎ አለው፣ በጣም። ለእያንዳንዱ ሰው ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይሄንኑ እልካለሁ።

መጀመሪያ አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ፣ ከታች ያሉት ደረጃዎች ለምን እንደዛ እንደተደረደሩ የሚገባችሁ በሱ ነው።

አንዲት እናት በ2009 ዓ.ም ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቤት ገዙ፣ 2,400,000 ብር። ውሉን ደላላው ጻፈው፣ ሁለት ሽማግሌ በምስክርነት ፈረሙ፣ ሻጩ ኦርጅናል ካርታውን አስረከቧቸው፣ ከዛም "ስሙን በፈለግሽ ጊዜ አዙሪው" ብለው ውክልና ሰጧቸው። እናትየው ገቡ፣ አጥሩን አደሱ፣ በየአመቱ ግብር ከፈሉ፣ ግን ደረሰኙ የሚወጣው በሻጩ ስም ነበር። በ2014 ሻጩ ሞቱ። ልጆቻቸው ፍርድ ቤት ሄደው የወራሽነት ማስረጃ አወጡ፣ ክፍለ ከተማ ማህደሩ አሁንም በአባታቸው ስም ስለነበረ "ካርታው ጠፍቷል" ብለው ምትክ አስወጡ፣ በስማቸው አዞሩ፣ ከዛ ለሌላ ሰው ሸጡ። ሁለተኛው ገዢ ሁሉን ነገር በመንገዱ ጨርሶ በስሙ አስመዘገበና እናትየውን ልቀቂ ብሎ ከሰሰ።

እጃቸው ላይ ምን አላቸው? ካርታ አለ፣ ግን የሟች ስም ነው ያለበት። ውክልናው ወካዩ በሞቱበት ቀን አብሮ ሞቷል። ውሉ ውል አዋዋይ ፊት ያልተረጋገጠ ተራ ወረቀት ነው። የግብር ደረሰኙ ሻጩ ግብር መክፈላቸውን ነው የሚናገረው። በመጨረሻ ያገኙት ፍርድ ከወራሾቹ 2,400,000 ብራቸውን እንዲመለስላቸው ነው፣ በዛ ብር ደግሞ በ2016 እዛው ሰፈር አንድ ክፍል እንኳን አይገዛም። ለስም ዝውውር ያልከፈሉት የቴምብር ቀረጥ ሲሰላ 48,000 ብር ነበር።

ካርታው ምን ያረጋግጣል፣ ምን አያረጋግጥም

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 የሚለው በቀላሉ ይሄ ነው፦ የአስተዳደር አካል ይሄ የማይንቀሳቀስ ንብረት የእገሌ ነው ብሎ የባለቤትነት ማስረጃ ከሰጠ፣ ስሙ የተጻፈው ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ልብ በሉ፣ "የተጻፈው" ነው የሚለው፣ ወረቀቱን የያዘው አላለም። ካርታ እንደ ብር ኖት አይደለም፣ እጅ ላይ ስለተገኘ የያዘው ሰው ንብረት አይሆንም። ሌላ ሰው ስም ያለበትን ካርታ መሳቢያችሁ ውስጥ ቆልፋችሁ ስትይዙ የያዛችሁት የሌላ ሰው ማስረጃ ነው።

ግምቱ ደግሞ ሊፈርስ ይችላል። አንቀጽ 1196 እንደሚለው ካርታው ከሕግ ውጪ ወይም ስልጣን በሌለው አካል ከተሰጠ፣ ወይም መሰረቱ ፈራሽ የሆነ ተግባር ከሆነ (ለምሳሌ ፎርጂድ ውክልና)፣ ወይም ተቃዋሚው ካርታው ከተሰጠ በኋላ ባለቤት መሆኑን ካስረዳ፣ ካርታው ይወድቃል። ስለዚህ ካርታ ጠንካራ ነው ግን የማይነቃነቅ አይደለም።

ካርታው ላይ ፈልጋችሁ የማታገኟቸው ነገሮችም አሉ። ባንክ መያዣ ይሁን አይሁን፣ ፍርድ ቤት እግድ ጥሎበት እንደሆነ፣ ሻጩ ሚስት ወይም ባል ይኑረው አይኑረው፣ እነዚህ ከካርታው አይነበቡም፣ ለየብቻ ነው የሚጣሩት። መሬቱን በተመለከተ ደግሞ በሕገ መንግስቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፣ አይሸጥም። የምትገዙት ቤቱን ነው፣ መሬቱን የመጠቀም መብት ከሱ ጋር ይተላለፋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሻጭ ኦርጅናል ካርታና የዘመኑ ግብር ደረሰኝ
- ከክፍለ ከተማው መሬት ይዞታ ምዝገባ የተጻፈ "ከእዳና እገዳ ነጻ" ደብዳቤ
- የሁለታችሁም የታደሰ መታወቂያና ጉርድ ፎቶ
- የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ ወይም ሻጩ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ፣ ከተፋታ የፍቺ ውሳኔውና ንብረቱ ለማን እንደደረሰ የሚያሳይ ውሳኔ
- ሻጩ ወራሽ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ፣ ወኪል ከሆነ ቤት ለመሸጥ በግልጽ የተሰጠ ልዩ ውክልና
- ለቴምብር ቀረጥና አሹራ ለሚባለው የስም ማዞሪያ ክፍያ ለብቻ የተቀመጠ ብር (ይሄን ከቤቱ ዋጋ ጋር አትቀላቅሉት፣ ሰው ስም ሳያዞር የሚቀረው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ብሩ ስለሚያልቅበት ነው)

ደረጃ 1፦ ካርታውን ከማህደሩ ጋር አስተያዩ

ከሻጩ ጋር አብራችሁ ክፍለ ከተማ ሂዱ። ደላላው "እኔ አጣርቻለሁ" ቢላችሁም ሂዱ። ባለይዞታው ራሱ ቆሞ ሲጠይቅ ነው ማህደሩ የሚከፈተው። የምታስተያዩት ስም፣ የካርታ ቁጥር፣ ስፋት፣ አዋሳኝ እና ካርታው ነባር ይዞታ፣ ማለትም ሊዝ ከመምጣቱ በፊት የተያዘ ቦታ፣ ወይስ ሊዝ እንደሚል ነው።

ይሄ ለምን ያስፈልጋል? ወረቀቱ ኮፒ ነው፣ ዋናው መዝገቡ ነው። ሻጩ ቀደም ብሎ "ጠፋብኝ" ብሎ ምትክ ካርታ አውጥቶ ከሆነ እናንተ የምታዩት የድሮው ሊሆን ይችላል፣ ወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት አይኖርም፣ ማህደሩ ግን ይነግራችኋል። ከቢሮ ስትወጡም ሜትር ይዛችሁ ቦታውን ለኩ። ካርታው 96 ካሬ እያለ አጥሩ 130 ካሬ ከከበበ ትርፉ 34 ካሬ ካርታ የለውም ማለት ነው፣ ለሱ ብር አትክፈሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ መሀል ከተማ ላይ በተለይ አራዳ፣ ልደታና አዲስ ከተማ ውስጥ የቀበሌ ቤት "ቁልፍ" የሚሸጥ ሰው አለ። የቀበሌ ቤት የመንግስት ነው፣ ነዋሪው ተከራይ ነው። ተከራይ ካርታ የለውም፣ ስለዚህ የሚዞር ስም የለም፣ ከዚህ በታች ያለው ምንም ደረጃ አይሰራም።

ደረጃ 2፦ እዳና እገዳ አጣሩ፣ ደብዳቤው ሳይቀዘቅዝ ተጠቀሙበት

የባንክ መያዣም የፍርድ ቤት እግድም የሚመዘገበው እዛው ማህደር ላይ ነው። ነጻ ከሆነ ክፍለ ከተማው ውል ለሚያረጋግጠው መስሪያ ቤት፣ ለሰነዶች ማረጋገጫ፣ ደብዳቤ ይጽፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ደብዳቤው የሚናገረው ስለተጻፈበት ቀን ነው። ማክሰኞ ነጻ የነበረ ቤት ላይ አርብ የሻጩ አበዳሪ እግድ ሊያመጣ ይችላል፣ ቤቱ አሁንም በሻጩ ስም ነዋ! እናንተ ገብታችሁ መኖራችሁ አበዳሪውን አያቆመውም፣ መዝገቡን ነው የሚያየው። ስለዚህ ደብዳቤው በወጣ በቀናት ውስጥ ውሉን ፈርሙ፣ ዝውውሩንም ወዲያው ቀጥሉ።

ደረጃ 3፦ የሚሸጥላችሁ ሰው መሸጥ የሚችል ነው ወይ?

ካርታው በአንድ ሰው ስም ቢሆንም ንብረቱ የሁለት ሊሆን ይችላል። በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው፣ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ደግሞ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ሚስቱ ሳትፈርም የተሸጠ ቤት ኋላ በክስ ሲፈርስ ብዙ አይቻለሁ። ባልየው "እሷ ውጭ ነው ያለችው፣ ችግር የለም" ካላችሁ በኤምባሲ በኩል ውክልና ትላክ፣ እስከዛ ጠብቁ።

ወኪል ከሆነ የሚሸጥላችሁ ውክልናውን አንብቡት። "ጉዳዬን ሁሉ ይከታተልልኝ" የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም፣ መሸጥ ይችላል ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። ወካዩ በህይወት መኖሩንም በስልክ ብቻ ሳይሆን በቪዲዮ አይታችሁ አረጋግጡ፣ ውክልናው አለመሻሩንም እዛው ሰነዶች ማረጋገጫ ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ፈርሙ

አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ውል በጽሁፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ መመዝገብ አለበት ይላል። አዲስ አበባ ላይ ይሄን የሚሰራው ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ነው። ከላይ ያነሳኋቸው እናት ውል እዚህ ስላላለፈ ነው ወራሾቹ "ውል የለም" ብለው መከራከር የቻሉት።

ቀብድ ከሰጣችሁ በጽሁፍ ይሁን፣ ቀብድ ተብሎም ይጻፍ። ሻጩ ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ነው የሚመልሰው፣ እናንተ ካፈረሳችሁ ግን ትታችሁት ነው የምትሄዱት።

ውሉ ውስጥ ሁለት ነገር ሳይጻፍ አትፈርሙ። አንደኛ ክፍያው የሚከፋፈልበት መንገድ፦ ለምሳሌ ዋጋው 6,000,000 ብር ከሆነ 5,000,000 ፊርማ ላይ በባንክ፣ ቀሪው 1,000,000 ካርታው በገዢው ስም በወጣ ቀን የሚል ይግባበት። ብሩን ሙሉ የተቀበለ ሻጭ ክፍለ ከተማ ለመሄድ ሁሌም ቀጠሮ አለበት፣ ቀሪ ብር ያለው ሻጭ ግን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ይጠብቃችኋል። ሁለተኛ የትኛውን ግብርና ክፍያ ማን እንደሚከፍል በስም ዘርዝሩት።

ተደጋጋሚ ስህተት፦ "ሰነዶች ፈርመናል፣ አለቀ።" አላለቀም! ይሄ ከሁሉም በላይ ሰው የሚሸወድበት ነው። ሰነዶች ማረጋገጫ የሚሰራው ውላችሁን ማጽናት ነው፣ ከዛ በኋላ በእናንተና በሻጩ መካከል ውል አለ። ባለቤትነቱ የሚተላለፈው ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገቡ ላይ ሲጻፍ ነው፣ አንቀጽ 1185 ይሄን ይላል፣ አንቀጽ 2878 ደግሞ ያልተመዘገበ ሽያጭ ሶስተኛ ወገንን አይነካም ይላል። ሶስተኛ ወገን ማለት የሻጩ አበዳሪ፣ ባንክ፣ ሁለተኛ ገዢ፣ እናንተን የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ናቸው። ሁለት የተለያዩ ቢሮ፣ ሁለት የተለያየ ስራ፣ አንዱን ጨርሶ ሌላውን መተው ወንዙ መሀል እንደመቆም ነው።

ደረጃ 5፦ ስም ዝውውሩን ክፍለ ከተማ ላይ ጨርሱ

የተረጋገጠውን ውል፣ ካርታውንና የግብር ክሊራንሱን ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ ቤቱ ይገመታል፣ ክፍያው ይሰላል። የቴምብር ቀረጥ በአዋጅ ቁጥር 110/1990 የንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ ነው፣ በ6,000,000 ብር ሲሰላ 120,000 ብር ይመጣል፣ አሹራው ለብቻው ይታሰባል። ሰው ይሄን ለመቀነስ ውሉ ላይ ዋጋውን 1,500,000 ብሎ ያስጽፋል። ኋላ ውሉ ቢፈርስና ብሩ ይመለስ ቢባል የሚመለስላችሁ የተጻፈው ነው፣ የቀረውን 4,500,000 መስጠታችሁን በምን ታስረዳላችሁ? የከፈላችሁትን ጻፉ።

ቤቱ ነባር ይዞታ ላይ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ ይገባል። ሻጩ አመታዊ የቦታ ግብር ብቻ ይከፍል ነበር፣ እናንተ ግን የሊዝ ውል ትፈርማላችሁ። ዋጋ ስትደራደሩ ይሄን አስቡበት፣ ብዙ ሰው ካርታው ሲወጣ ነው የሚያየውና የሚደነግጠው።

ደረጃ 6፦ አዲሱን ካርታ እዛው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ አንብቡ

ስማችሁ እስከ አያት፣ ስፋቱ፣ የቤት ቁጥሩ፣ አዋሳኙ። አንድ ፊደል ቢሳሳት እዛው ይታረም፣ መታወቂያችሁ ላይ "ኃይሌ" ሆኖ ካርታው "ሀይሌ" ካለ ባንክ ሄዳችሁ ብድር ስትጠይቁ ወይ ስትሸጡ ያጉላላችኋል። የድሮው ካርታ መመለሱንና ማህደሩ በስማችሁ መዞሩን ጠይቁ። ከዛ የግብር መዝገቡን፣ መብራቱንና ውሃውን አዙሩ። ቀሪውን ብር አሁን ክፈሉ፣ ቀድማችሁ አይደለም።

"ግን እኮ እየኖርኩበት ነው" ለሚሉ

ቤቱን ይዞ መኖር ምንም አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። አንድ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መጥቶ ቢያስወጣችሁ ወይ አጥር ቢያፈርስባችሁ በአንቀጽ 1149 ሁከት ይወገድልኝ ብላችሁ በሁለት አመት ውስጥ መክሰስ ትችላላችሁ። ግን እዛው አንቀጽ ላይ ተከሳሹ መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ማስረጃ ካሳየ ክሱ እንደሚወድቅ ተጽፏል፣ እሱ የሚያወጣው ደግሞ በስሙ የተመዘገበ ካርታ ነው። ጉልበተኛን ትመልሱበታላችሁ፣ ባለ ካርታን አትመልሱበትም።

ሌላው የሚነሳው 15 አመት ነው። አንቀጽ 1168 ላይ 15 አመት በተከታታይ ግብር ከፍሎ የያዘ ሰው ባለቤት ሊሆን የሚችልበት መንገድ አለ፣ ደላሎች ይሄን አውቀው "ዝም ብለሽ ግቢ፣ ጊዜው ያንቺ ያደርገዋል" ይላሉ። 15 አመት ረጅም ነው፣ አንድ አመት ቢዘለል ተከታታይነቱ ይቋረጣል፣ በሻጩ ስም የወጣ ደረሰኝ ደግሞ የእናትየው ጉዳይ ላይ እንዳያችሁት ለሻጩ ነው የሚመሰክረው። በዚህ ላይ ቤት አትግዙ።

መሀል ከተማ ያለ ቤት ላይ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ፣ ፒያሳና ካዛንቺስ ላይ እንዳየነው ቦታው ለልማት ሲፈለግ ነገሩ በፍጥነት ነው የሚሄደው። ካሳና ምትክ የሚሰላው ለህጋዊ ባለይዞታው ነው፣ ማስታወቂያውም በሱ ስም ነው የሚወጣው። ቤቱ ውስጥ ያላችሁት እናንተ ሆናችሁ ስሙ የሻጩ ከሆነ፣ ያን ቀን ሻጩን ፍለጋ መሄድ ነው የሚቀራችሁ።

አሁን ገዝታችሁ ሳታዞሩ የምትኖሩ ከሆነ

ሻጩ በህይወት ካለ ዛሬ ደውሉለት። ውክልና ብቻ ይዛችሁ ከሆነ እሱ ሳይሞትና ሳይሽረው ተጠቀሙበት፣ "የማይሻር" ተብሎ ቢጻፍበትም ወካዩ መሻር ይችላልና አትመኑበት። ተራ ውል ከሆነ ያላችሁ ሻጩንና ባለቤቱን ይዛችሁ ሰነዶች ማረጋገጫ ላይ እንደገና ፈርሙ፣ ከዛ ከደረጃ 5 ቀጥሉ። ሻጩ "ጨምሪልኝ ካልሆነ አልፈርምም" ካለ የባንክ ስሊፑን፣ ደረሰኙንና ሁለቱን ምስክሮች ሰብስባችሁ ጠበቃ ጋ ሂዱ፣ ክሱ ሲቀርብ ቤቱ እንዳይሸጥ እግድ አብሮ ይጠየቃል፣ እግዱ ክፍለ ከተማው ማህደር ላይ መግባቱንም ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ።

ሻጩ ሞቶ ከሆነ ወራሾቹ የወራሽነት ማስረጃ አወጡ ወይስ አላወጡም የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ካላወጡ፣ ተስማምተው ካወጡ በኋላ ራሳቸው ይፈርሙላችሁ፣ ሁሉም ወራሾች፣ አንድም ሳይቀር። አውጥተው ከሆነ ግን ቤቱን በስማቸው አዙረው ለሌላ ሰው ሳይሸጡት እግዱን ለማስገባት ያላችሁ ጊዜ ቀናት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ክፍለ ከተማ ሂዳችሁ ማህደሩ ዛሬ በማን ስም እንዳለ እዩ።